የጓደኛን የሽመና ሥራ እንዴት በዝርዝር እናድንቅ? የመንዝ ባና እንደ ምሳሌ

ጓደኛችሁ ደብረ ብርሃን ላይ ባዘጋጀችው ዐውደ ርእይ ከበግ ጠጉር የተሸመኑ ብርድ ልብሶች፣ የመንዝ ባናዎች፣ ሰቅላ ፎቶውን አሳየቻችሁ እንበል። «በጣም ያምራል፣ በርቺ» የሚለው ቃል ለሙዳይም ለሥዕልም ይሆናል። እሷ ግን ያን ሁሉ ጊዜ የደከመችበትን ነገር ቀርቦ ያየላት ሰው ትፈልጋለች። እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ከሥራዎቹ አንዱን ብቻ ምረጡና ፎቶውን አስፍታችሁ ስፌቱን ፈልጉ። በእጅ የሚሸመን ነገር ወርዱ ጠባብ ነው፤ ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ማቀበል ስላለበት ክንዱ ከሚደርስበት አያልፍም። ስለዚህ ሰፊ ባና ለየብቻ የተሸመኑ ቁራጮች ጎን ለጎን ተሰፍተው የሚወጣ ነው። አሁን ቀለም ያለው መስመር ስፌቱን ሲሻገር ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። በአግድም የሚሄደው መስመር የሚመጣው ከማጉ፣ በመወርወሪያው ከጎን ወደ ጎን ከሚያልፈው ክር ነው። ሸማኔው በመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ማጉን ጠበቅ አድርጎ፣ በሁለተኛው ላይ ላላ አድርጎ ከመታው መስመሮቹ ቀስ በቀስ ይተላለፋሉ፤ ከላይ ገጥመው ታች ላይ በጣት ስፋት ሲለያዩ ታያላችሁ። ከላይ እስከ ታች ከገጠሙ ግን ሸማኔው ሥራውን ከጀመረበት እስከ ጨረሰበት እጁን አንድ ዓይነት አድርጎ ጠብቋል ማለት ነው። በእኔ ዓይን በአንድ ባና ላይ ከዚህ የሚበልጥ የሚደነቅ ነገር የለም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ መስመሩ በቁመት የሚሄድ ከሆነ የመጣው በቁመት ከተወጠረው ክር፣ ከድሩ ነው፤ ስፌቱን አይሻገርም፣ ስለዚህ መግጠም አለመግጠሙን አንስታችሁ አታመስግኑ።

ቀጥሎ ጠርዙን እዩ። ማጉ ሲመለስ በጣም ከተሳበ ጨርቁ መሀል ላይ ይጠባል፣ ጠርዙም ይወላገዳል። ቀጥ ያለ ጠርዝ በስሙ ሊጠራ የሚገባው ሥራ ነው።

ከዚያ ወደ ክሩ ኑ። የመንዝ በግ ጠጉር ሸካራ ነው፤ በእንዝርት ሲፈተል አንዱ ቦታ ወፍሮ ሌላው ይቀጥናል። ክሩ ከጥግ እስከ ጥግ ተመሳሳይ ከሆነ የፈታይዋ እጅ ነውና ምስጋናው ለእሷም ይድረስ። ብዙ ጊዜ ፈታይዋና ሸማኔው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ጓደኛችሁ ምናልባት ቀለሙን የመረጠችውና መስመሩን ያቀደችው ትሆናለች። ማን ምን እንደሠራ ካላወቃችሁ «ማን ፈተለው? ማን ሸመነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሸማኔው ትልቅ ሰው ከሆኑ መልእክታችሁ ላይ በአንቱታ ጥሯቸው።

ቀለም ላይ ፎቶ ያታልላል። ጥቁሩ የበጉ የራሱ ጠጉር ይሁን የተነከረ በስልክ ፎቶ መለየት ያስቸግራል፤ ይህንንም ጠይቁ። «እንዴት ይሞቃል!» አትበሉ፤ አልለበሳችሁትም። የሥራውንም ስም እሷ እንደጻፈችው ጻፉ። ዝተት ያለችውን ባና ብትሉባት፣ ጽሑፉን እንኳ እንዳላነበባችሁ ታውቃለች።

አሁን ጻፉ። ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦

«ከበሩ በስተቀኝ ያለው ባና ላይ ቆየሁ። ሁለቱ ቡናማ መስመሮች ስፌቱን ሲሻገሩ ከላይ እስከ ታች አንድም ቦታ አልተዛነፉም፤ ስፌቱን ያገኘሁት ፈልጌ ነው። ነጩን ሰፊ ትተሽ ቡናማውን ወደ ጫፉ ማድረግሽ ዓይኔን ወደ ጠርዙ ወሰደው፣ ጠርዙም ቀጥ ያለ ነው። የፈተለችው ማን ናት? እጃችሁ ይባረክ።»

«እጃችሁ ይባረክ» መጨረሻ ላይ መምጣቱን ልብ በሉ። መጀመሪያ ላይ ቢሆን ምርቃቱ ብቻውን የበቃ ይመስለንና ዝርዝሩን እንተወዋለን። ካያችሁት በኋላ ሲመጣ ግን ምን እንደመረቃችሁ ይታወቃል። ከሌላ ሰው ሥራ ጋር ማወዳደርም አያስፈልግም፤ «ከእገሌ ይበልጣል» ስትሉ ስለ ባናው ምንም አልተናገራችሁም፣ እገሌንም ታስቀይማላችሁ።

መስመሩ ተዛንፎ ብታዩትስ? ሰው በተሰበሰበበት አታንሱት፤ አልገጠመምና ገጥሟል ብላችሁም አትዋሹ፣ ሸማኔ ወዲያው ያውቃል። ሌላ እውነተኛ ነገር ፈልጉ፤ ምናልባት የክሩ ወጥነት ወይም የቀለሙ አቀማመጥ። ስለ ስፌቱ ራሷ ከጠየቀቻችሁ ብቻ፣ ለብቻዋ ሆና፣ የትኛው መስመር ከየት ጀምሮ እንደተላለፈ በጣት ጠቁማችሁ አሳይዋት።