የደህንነት ኮድ ስናመሳክር የምንሠራቸው ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የእቁብ ጉዳይ የሚያልቀው በዋትሳፕ ነው እንበል። ከጸሐፊዋ ከእትዬ አልማዝ ጋር በምትጻጻፉበት ገጽ ላይ የደህንነት ኮዱ መቀየሩን የሚገልጽ ማሳወቂያ ብቅ አለ። ወዲያው «የባንክ ሒሳቤን ቀይሬያለሁ፣ የዛሬውን በዚህ አስገቡልኝ» የሚል መልእክት ተከተለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ኮዱን እንደ ሚስጥር ቁጥር ማየት

እያንዳንዱ ስልክ ሁለት ቁልፍ ያወጣል። አንደኛው ከስልኩ አይወጣም። ሌላኛው ይፋ ነው፤ ሰርቨሩ ለሚጻጻፏችሁ ሰዎች ያድለዋል። መልእክቱ የሚቆለፈው በእነዚህ ቁልፎች ላይ ተመሥርቶ ነው። ሰርቨሩ የሚያስተላልፈው የተቆለፈውን ብቻ ስለሆነ ማንበብ አይችልም። ችግሩ፣ የእትዬ አልማዝን ይፋ ቁልፍ የሚያቀብላችሁ ያው ሰርቨር ነው። በእሳቸው ቁልፍ ፈንታ የሌላ ሰው ቢያቀብላችሁ ያ ሰው መሃል ገብቶ ያነባል።

ባለ 60 አሃዙ ኮድ የሁለታችሁ ይፋ ቁልፎች አሻራ ነው፤ 30ው ከእናንተ፣ 30ው ከእሳቸው። በሁለቱም ስልክ አንድ ዓይነት ከሆነ ቁልፉ መንገድ ላይ አልተቀየረም ማለት ነው። ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ጉዳት የለውም። በኤስኤምኤስ የሚመጣው ባለ 6 አሃዝ ኮድ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ለማንም አትስጡ፤ አካውንት የሚሰረቀው በእሱ ነው።

በዚያው ቻት ማመሳከር

የስክሪን ፎቶ ተላልኮ «አዎ፣ ይመሳሰላል» መባባል ከንቱ ልፋት ነው። የእትዬ አልማዝን አካውንት ሌባ ወስዶት ከሆነ የምትጻጻፉት ከእሱ ስልክ ጋር ነው። ስለዚህ የእሱ ኮድ ከእናንተው ጋር ልክ ይገጥማል!

ደረጃው ላይ ስታገኟቸው ሁለታችሁም ቻቱ ላይ የሌላውን ስም ነክታችሁ `Encryption` የሚለውን ክፈቱ። ኪውአር ኮዱን ስካን አድርጉ፣ ወይም አምስት አምስት አሃዝ እያላችሁ 12ቱን ክፍል አንብቡ። ካልተገናኛችሁ በመደበኛ ስልክ ደውሉ፤ ድምፃቸውን ታውቁታላችሁ። «አዲስ ስልክ ገዝቼ ነው» ካሉና ኮዱ ከገጠመ፣ ለውጡ ምክንያት አለው። «ኧረ ዋትሳፔ ከትናንት ጀምሮ አልከፍት ብሎኛል» ካሉ ግን ቁጥራቸውን ሌላ ሰው ሌላ ስልክ ላይ አስመዝግቦት ሊሆን ይችላል። ብሩን እንዳታስገቡ።

ማሳወቂያውን አለማብራት

`Security notifications` ካልተበራ የኮድ ለውጥ አይነገራችሁም። `Settings` ገብታችሁ `Account` ሥር ታገኙታላችሁ።

ኮዱ ከገጠመ ሁሉንም ማመን

ኮዱ ስለ ቁልፍ እንጂ ስልኩን ስለያዘው እጅ አይመሰክርም። ልጃቸው ስልኩን አንስቶ ቢጽፍ፣ ስልኩ ውስጥ ሰላይ ፕሮግራም ቢገባ ኮዱ ንቅንቅ አይልም። አዲሱ የባንክ ሒሳብ የማን እንደሆነም አይነግራችሁም፤ እሱን በቃል ጠይቁ።

እቁባችሁ በቴሌግራም ግሩፕ ከሆነ ደግሞ የሚመሳከር ኮድ አትፈልጉ። እዚያ የጽሑፍ መልእክት ሰርቨሩ እንዳያነበው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው በ`Secret Chat` ነው፣ እሱም ለሁለት ሰው ብቻ ነው የሚሠራው።