ፕሮቲኑ ኮለሙ ላይ አልያዝ ሲል

ምልክቱ፦ ፕሮቲን በአዮን ልውውጥ ክሮማቶግራፊ ልታጣሩ፣ ናሙናውን በቻርጁ ፕሮቲን የሚይዝ ሬዚን የተሞላ ኮለም ላይ አፈሰሳችሁ። ፕሮቲኑ ገና በማጠቢያው በፈር ግር ብሎ ወጣ። በኋላ ጨው ብትጨምሩም ጠብ የሚል ነገር የለም።

ደሴ የሚማር አንድ ልጅ ይኸው ገጥሞት ደወለልኝ። ከገበያ እንቁላል ገዝቶ ከነጩ ክፍል ላይሶዛይም ሊያወጣ ነበር። «ሬዚኑ ሳይሞት አልቀረም» አለኝ። «አብሽር፣ መጀመሪያ ፕሮቲንህ ምን ቻርጅ እንዳለው ንገረኝ» አልኩት። ዝም አለ።

ምክንያቱ እዚያው ነበር። ፕሮቲን ከአይሶኤሌክትሪክ ነጥቡ በታች ባለ ፒኤች ፖዘቲቭ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ኔጋቲቭ ነው። የላይሶዛይም ነጥብ 11 ገደማ ነው። ስለዚህ ልጁ በሠራበት ፒኤች 8 ፖዘቲቭ ነው። የተጠቀመበት ዲኢኤኢ ሬዚንም ፖዘቲቭ ነው። ታዲያ እንዴት ይያያዙ?

መፍትሄው ኔጋቲቭ የሆነውን ሲኤም ሬዚን መውሰድ ነው። የእንቁላሉ ዋና ፕሮቲን ኦቫልቡሚን ነጥቡ 4.5 አካባቢ ስለሆነ ኔጋቲቭ ሆኖ ያልፋል፤ ላይሶዛይሙ ይቀራል። በፈሩም መቀየር አለበት። ልጁ የተጠቀመበት ትሪስ በፈር ራሱ ፖዘቲቭ ስለሆነ ሲኤም ላይ ቦታ ይሻማል። 20 ሚሊሞላር ፎስፌት በፒኤች 7.5 ይበቃል። በጥቅሉ የምትሠሩበት ፒኤች ከነጥቡ ቢያንስ በ1 ይራቅ።

ልጁ ሬዚኑን ቀየረ። አሁንም ግማሹ አለፈ! ናሙናውን ቀደም ሲል በአሞኒየም ሰልፌት አዝቅጦት ኖሯል፤ ጨው ደግሞ ፕሮቲኑን ከሬዚኑ የሚያላቅቀው ራሱ ነው። ኮንዳክቲቪቲ ሜትር ካላችሁ የናሙናው ንባብ ከመነሻው በፈር ጋር መቀራረቡን እዩ። ከሌላችሁ በዲያሊሲስ ከረጢት አድርጋችሁ በመነሻው በፈር ውስጥ አሳድሩት፣ በፈሩንም ሁለት ጊዜ ቀይሩ። ከረጢቱን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት። የልጁ ጠዋት ላይ እንደ ኳስ ተነፍቶ፣ ቋጠሮው ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ውስጡ ያለው ጨው ውሃ ይስባል።

ከዚያ በኋላ ያዘ። ሲወጣ ግን ሌሎች ፕሮቲኖች አብረውት መጡ። ጨውን ከ0 ወደ 1 ሞላር በሦስት የኮለም መጠን፣ ማለትም የኮለሙን መጠን ሦስት እጥፍ በሆነ በፈር ብቻ አሳድጎት ነበር፤ ይህ የጨው ዳገት በጣም ቀጥ ያለ ነው። የመጀመሪያውን ዙር እንደ ቅኝት ቁጠሩት፤ ፕሮቲናችሁ በስንት ሞላር እንደወጣ መዝግቡ። ለምሳሌ 0.3 ላይ ከወጣ፣ ቀጣዩን ከ0.15 እስከ 0.45 በ15 የኮለም መጠን አዝግሙት። ከዚህ በላይ ማለስለስ ግን አልወድም። በግራፉ ላይ የፕሮቲኑ ጫፍ ይሰፋል፣ ፕሮቲኑም በብዙ ቱቦ ተበትኖ ይቀጥናል።

ልጁ በሦስተኛው ቀን የጄሉን ፎቶ ላከልኝ። 14 ኪሎዳልተን ላይ አንድ መስመር፣ ከላዩ 45 አካባቢ ደብዘዝ ያለ የኦቫልቡሚን ጥላ። ማጠቢያውን በሁለት የኮለም መጠን ጨምር አልኩት።