ሴራሚኩና ላሚኔቱ እኩል ካልሆኑ

የክፍሉ ላሚኔት ከኮሪደሩ ሴራሚክ ዝቅ ብሎ እግር እየመታ ካስቸገራችሁ፣ የሁለቱን መገናኛ የሚሸፍነውን መሸፈኛ ከመግዛታችሁ በፊት ልዩነቱን ለኩ። ቀጥ ያለ እንጨት ሴራሚኩ ላይ አስተኝታችሁ ወደ ላሚኔቱ አሳልፉትና ከሥሩ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ እዩ። እኛ ቤት 6 ሚሊ ሜትር ነበር። ለዚህ ጠፍጣፋው መሸፈኛ አይሆንም፤ አንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ሲረገጥ ይጣመማል። የሚያስፈልገው ወደ ዝቅተኛው ወለል ተዳፍቶ የሚወርደው የአሉሚኒየም ዓይነት ነው።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ግን ላሚኔቱን እንዳትበሱት ነው። ላሚኔት ከሥሩ ሳይጣበቅ ነው የሚነጠፈው። እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ስለዚህ በእሱና በሴራሚኩ መካከል 10 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ተዉለት፤ በሲሚንቶም አትሙሉት። የመሸፈኛው ብሎን በዚያ ክፍተት አልፎ ከሥር ያለው ኮንክሪት ላይ በፊሸር ይታሰር።

የእኛን የገጠመው ሰው ብሎኑን ላሚኔቱ ላይ መታው። ክረምት ሲገባ የክፍሉ መሃል አብጦ ተነሳ፣ ሲረገጥም ይንቋቋ ጀመር። ብሎኖቹን ስንፈታቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልሶ ተኛ።

መሸፈኛው በሩ ሲዘጋ ልክ ከሥሩ ይሁን። ከማሰራችሁ በፊት ግን በሩን ከፍታችሁ ዝጉት፤ ከነካው የበሩ ታች መላግ አለበት።