ሲመለስ «እንዴት ጠፋኝ!» የሚያሰኝ እንቆቅልሽ እንዴት ይሠራል?

«እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» ተብሎ የሚጀመረው ጨዋታ ሁለት ዓይነት መጨረሻ አለው። አንዱ መልሱ ሲነገር ሰሚው «እንዴት እሱ ይሆናል?» ብሎ ማብራሪያ የሚጠይቅበት ነው። ሌላው ደግሞ በራሱ ላይ ስቆ «ኧረ እንዴት ጠፋኝ!» የሚልበት። እዚህ የምናየው ሁለተኛው እንዴት እንደሚሠራ ነው። አንድ እንቆቅልሽ ይዘን ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ መጨረሻው እናደርሰዋለን፤ መልሱ እንጀራ ነው።

መልሱን አስቀድመን የተናገርነው በስህተት አይደለም። እንቆቅልሽ የሚሠራው ከመልሱ ወደ ጥያቄው ነው። «ምን ብዬ ልጠይቅ?» ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ለአራትና ለአምስት ነገር የሚሆን ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ፦ ሁለት ኑሮ ያለው ቃል ፈልጉ

ወረቀት ይዛችሁ ስለ መልሱ ሰዎች በዕለት ተዕለት ንግግራቸው የሚሉትን ሁሉ ጻፉ። ስለ እንጀራ፦ ይጋገራል፣ ይሰፋል፣ ይከደናል፣ ይወጣል፣ ይጠቀለላል፣ ይቆረሳል፤ ዓይን አለው፣ ጀርባ አለው። አሥራ አምስት ያህል ቃል እስኪሞላ ድረስ አትቁሙ፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስቱ ለማንም የሚመጡ ናቸው።

ከዚያ ከዝርዝሩ ውስጥ ስለ ሰው ወይም ስለ ሌላ ነገር ሲነገር ፍጹም የተለየ ትርጉም የሚሰጠውን ለዩ። ቅኔ የሚያውቁ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቃል ኅብር ይሉታል፤ ሰሙንም ወርቁንም ይሸከማል። በእኛ ዝርዝር ውስጥ ጎልቶ የሚወጣው «ዓይን» ነው። የእንጀራ ዓይን ሁሉም የሚለው ቃል ነው፤ ለእንቆቅልሹ ብለን የፈጠርነው አይደለም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፦ ሁለተኛው ትርጉም ሰሚው ትናንት በአፉ ያለው ቃል መሆን አለበት። መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚያገኘው ከሆነ መልሱ ሲነገር አይስቅም።

የመጀመሪያው ረቂቅ ለምን አይሠራም?

እጅ የሚቀናው እንዲህ ብሎ መጻፍ ነው፦

«ሺህ ዓይን አላት፣ አንዱም አያይም።»

ውሸት የለበትም፣ ግን ማንንም አያስትም። «አላት፣ ግን አታ…» የሚለው አካሄድ የአልጋን እግር፣ የመጋዝን ጥርስ፣ የድስትን ጆሮና የጠርሙስን አንገት ሲያስጠይቅ የኖረ ነው። «አያይም» ስትሉ ለሰሚው «ይህ እውነተኛ ዓይን አይደለም፣ ሌላ ፈልግ» ብላችሁ ነግራችሁታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዓይን የሚባልላቸውን ነገሮች መቁጠር ብቻ ነው፦ መርፌ፣ ወንፊት፣ እንጀራ። ይህ ፍለጋ ነው፤ መሳት ግን የለበትም።

ማሳት ማለት ሰሚው ሌላ ትርጉም መኖሩን እንኳ ሳይጠረጥር በልበ ሙሉነት ወደ ተሳሳተ ቦታ መሄዱ ነው። ለዚህም ቃሉን ብቻውን አታቁሙት፤ በፈሊጥ ውስጥ ደብቁት። «ዓይን» ብቻውን ሲነገር ሰው ያስብበታል። «ዓይን አወጣ» ሲባል ግን ማንም ስለ ዓይን አያስብም፤ የሚታየው ሐፍረት የሌለው ሰው ነው። እንጀራውም ምጣድ ላይ ሲሰፋ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ዓይን ያወጣል።

ሁለተኛ፦ የውሸቱን ሥዕል ሙሉ አድርጉት

አሁን ሁለተኛ ረቂቅ፦

«ዓይን አውጣ ናት፣ ሰው ግን ይወዳታል።»

ወደ ዒላማው ቀርቧል፣ ነገር ግን ሁለት ስብራት አለው። አንደኛ፣ እንጀራን «ዓይን አውጣ» የሚል ሰው የለም። «ዓይን አወጣች» የሚለው ግስ ለልጅቷም ለእንጀራዋም እውነት ነው፤ «ዓይን አውጣ» የሚለው ስም ግን ለሰው ብቻ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ሰሚው ግን መልሱ ሲነገረው የሚከራከረው እዚህ ላይ ነው፤ ትክክልም ነው። ሁለተኛ፣ «ሰው ይወዳታል» ለገንዘብም ለዘፋኝም ይሆናል።

የተሳሳተው ሥዕል ቤት እንዲሆን ግድግዳ ያስፈልገዋል። ዓይን ያወጣች ልጅ ስትነሳ አገር ምን ይላል? አሳዳጊዋን ያማል። ይህንን ሐሳብ ያዙና ገልብጡት፦ እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ሲቀር ነው ሰው የሚያማው፣ የሚታማውም የጋገረው ሰው ነው። ግልባጩ ሰሚውን ያስጨንቀዋል፤ «ሐፍረት የሌላት ልጅ ብትሆን እንዴት ሳታፍር ስትቀር ትመሰገናለች?» እያለ በሥዕሉ ውስጥ ይቆያል እንጂ ከሥዕሉ አይወጣም።

ሦስተኛው ረቂቅ፦

«ጀርባዋን እሳት እየሞቀች ዓይን ታወጣለች፤
ዓይን ካላወጣች ግን ያወጣቻት ትታማለች።»

«እናቷ ትታማለች» ቢባል ቤቱ ይመታ ነበር። ነገር ግን እንጀራ እናት የላትም፤ ቃሉ የሚሠራው ለውሸቱ ሥዕል ብቻ ነው። «ያወጣቻት» ግን ከምጣድ ያወጣቻት ሴት ናት፤ ሰሚው ደግሞ ለዓለም ያወጣቻትን፣ ያሳደገቻትን ያስባል። «ማውጣት» ሁለቴ መደጋገሙም ጆሮ ላይ ይጥማል፣ ጆሮ ሲጥመው ደግሞ ሰሚው ቃሉን አይመረምርም።

ሦስተኛ፦ እያንዳንዱን ቃል በመልሱ መዝኑ

ይህ የሥራው ዋና ክፍል ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። እንቆቅልሹን ቃል በቃል ቁረጡና ከእያንዳንዱ ጎን «ለእንጀራ እውነት ነው?» ብላችሁ ጻፉ።

ጀርባዋን፦ አዎ፣ ለስላሳው ጎን ጀርባ ይባላል። እሳት እየሞቀች፦ አዎ፣ የሚነካት ከታች ነው፤ እንደ ቂጣ አትገለበጥም። ዓይን ታወጣለች፦ አዎ። ዓይን ካላወጣች ያወጣቻት ትታማለች፦ አዎ፣ ዓይን የሌለው እንጀራ ለጋጋሪዋ ስም አይሆንም።

አንድ ቃል እንኳ «በግድ ካልተባለ» የሚያሰኝ ከሆነ አውጡት። ሰሚው መልሱን ሲሰማ በሐሳቡ ወደ ኋላ ተመልሶ ጥያቄውን እንደገና ያነባል፤ «ግልጽ ነበር» የሚለው ስሜት የሚወለደው በዚያ ሁለተኛ ንባብ ነው። በንባቡ ላይ አንድ እንቅፋት ካለ ስሜቱ ይሞታል፣ በቦታውም «አጭበርብረኸኛል» ይገባል።

ጾታም ይመዘናል። አማርኛ ግሱን ወንድ ወይም ሴት ሳያደርግ አያልፍም፣ ስለዚህ ሰሚው ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ፍንጭ ይይዛል። እንጀራን ሰው በወንድም በሴትም ስለሚጠራው «ታወጣለች» አያስከፋም። መልሱ ፀሐይ ሆኖ በወንድ ብትጠይቁ ግን ሁሉም በሴት የሚጠራትን ነገር አዛብታችኋልና ማሳት ሳይሆን መዋሸት ይሆናል።

መልሱን ሊያገኝ የሚችለው ጠያቂው ብቻ የሆነበት እንቆቅልሽም ከዚሁ ክፍል ነው። በመጽሐፈ መሣፍንት ምዕራፍ 14 ሶምሶን ከበላተኛው መብል፣ ከብርቱውም ጣፋጭ ነገር ወጣ የሚል እንቆቅልሽ ለ7 ቀን ግብዣ እንግዶቹ አቅርቦ በ30 የበፍታ ልብስና በ30 መለወጫ ልብስ ተወራረደ። መልሱ ራሱ በገደለው አንበሳ በድን ውስጥ ያገኘው ማር ነበር፤ ያንን ደግሞ ለአባትና ለእናቱ እንኳ አልነገረም። እንግዶቹም መልሱን ያገኙት በማሰብ ሳይሆን ሚስቱን አስፈራርተው ነው። ቤቱ ይመታል፣ ሐሳቡም ያምራል፣ ነገር ግን በሰሚው እጅ ምንም ቁልፍ አልነበረም።

አራተኛ፦ ተቀናቃኝ መልሶችን አስወግዱ

አሁን ራሳችሁ ጠላት ሁኑና ሌላ መልስ ፈልጉለት። ድንች? ዓይን ያወጣል፣ ግን በእሳት አይደለም። ወንፊት? ዓይን አለው እንጂ አያወጣም። ቂጣ? ይገለበጣል፣ ሁለቱንም ጎን ይሞቃል። ሊጥ? አረፋ ያወጣል እንጂ ጀርባ የለውም። «ጀርባዋን» የሚለው ቃል ቂጣንና ሊጥን በአንድ ጊዜ እንደጣለ ልብ በሉ። ከአንድ በላይ መልስ ካለፈ አዲስ ሐረግ ከመጨመራችሁ በፊት ያለውን ቃል አጥብቡ፤ ሐረግ በተጨመረ ቁጥር ፍንጩም ይጨምራል።

በአፍ ወይስ በጽሑፍ?

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፣ ስለዚህ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ የማሳት ዘዴ አለ። «በየቀኑ ይበላል» የሚለውን አላልቶ ያነበበ ሰው የሚበላ ፍጥረት ይፈልጋል፤ አጥብቆ ያነበበው ደግሞ የሚበላውን ነገር። በቴሌግራም ለተላከ እንቆቅልሽ ይህ ወርቅ ነው። ቡና ላይ ስትጠይቁ ግን አንዱን መርጣችሁ መናገር አለባችሁ፣ ወጥመዱም ያን ጊዜ ይፈርሳል፤ አላልታችሁ ተናግራችሁ በመጥበቁ ከመለሳችሁ ደግሞ ዋሽታችኋል። የእኛው እንቆቅልሽ ሁለቱም ትርጉም በአንድ አነባበብ ስለሚሄድ በሁለቱም መንገድ ይሠራል።

አምስተኛ፦ ሰው ላይ ሞክሩት

መልሱን ለማያውቁ አምስት ሰዎች ለየብቻ ጠይቁ። በቡድን ከሆነ አንዱ ፈጣን ሰው የሁሉንም ያበላሻል። ሦስት ነገር መዝግቡ፦ መጀመሪያ የሰጡትን የተሳሳተ መልስ፣ እጅ እስኪሰጡ የቆዩበትን ጊዜና መልሱን ሲሰሙ ያሉትን።

የተሳሳቱት መልሶች አንድ አቅጣጫ ካላቸው (ልጅ፣ ሙሽራ፣ ጎረቤት) ማሳቱ ሠርቷል። ከተበታተኑ (ድመት፣ ፀሐይ፣ ምድጃ) ሥዕሉ ደካማ ነው፤ ሁለተኛውን ስንኝ አጠንክሩ። ሁሉም ወዲያው ከመለሱ ፍንጭ በዝቷል። መልሱን ሰምተው «ለምን?» ካሉ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ተመለሱ፤ አታስረዱ፣ አስተካክሉ።

አመላለሱም የሥራው ክፍል ነው። «አገር ስጠኝ» የሚለው ልማድ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ተጠያቂው አገሩን እስኪመርጥ፣ ጠያቂውም እስኪፎክርበት ድረስ የተሳሳተው ሥዕል በሰሚው ሐሳብ ይረጋል። ከዚያ መልሱን በአንድ ቃል ተናገሩና ወዲያው እንቆቅልሹን ዘገም ብላችሁ ድገሙት። «ዓይን ካላወጣች» ላይ ስትደርሱ ይስቃሉ።

እኛም ስንሞክረው የሚወጣ አንድ ጉድለት አለን፦ «እሳት»። ማገዶ ላይ ለሚጋግር ቤት ትክክል ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤት ግን እሳት የለበትም፣ ዋሽንግተን ያደገ ልጅም እሳት ሲባል እንጀራ አይታየውም። በዚያ ላይ እሳት ሲነሳ ሐሳብ ወደ ማዕድ ቤት ይሄዳል፣ እኛ ደግሞ እዚያ እንዲሄድ አንፈልግም። ቃሉ ሲወጣ ሰሚው ግድግዳ ተደግፋ ፀሐይ የምትሞቅ ልጅ ያያል፦

«ጀርባዋን ብቻ እየሞቀች ዓይን ታወጣለች፤
ዓይን ካላወጣች ግን ያወጣቻት ትታማለች።»