በትንሽ ቡድን የሠራተኞች መጠይቅ ማንንም ሳያጋልጡ ሪፖርት ማድረግ

መጠይቅ ስም ስላልጠየቀ ብቻ ስም-አልባ አይሆንም። ስም-አልባ የሚባለው መልሱን የሰበሰበው ሰው ራሱ እንኳ ቢፈልግ የማን እንደሆነ ማወቅ የማይችልበት ነው። ምስጢሩ የተጠበቀ በሚባለው ግን ማን ምን እንዳለ ማወቅ የሚችል ሰው አለ፤ ለሌላ ላለማሳለፍ ቃል ገብቷል። 12 ሠራተኛ ባለው መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን ቃል መጠበቅ በጣም ይከብዳል። ስለዚህ ሁለተኛውን ቃል ገብቶ በትክክል መጠበቅ ይሻላል።

ለምሳሌ 8 ሰው በመስክ ሥራ፣ 4 ሰው በሂሳብ ክፍል ያለው መሥሪያ ቤት እንውሰድ።

1. ቃሉን በጽሑፍ አስቀምጡ። ከመጠይቁ አናት ላይ ጥሬ መልሱን ማን እንደሚያይ፣ መቼ እንደሚጠፋና ስንት ሰው ካልመለሰ የቡድን ውጤት እንደማይወጣ ጻፉ። «መልሶቹን የምታየው የሰው ኃይል ባለሙያዋ ብቻ ናት። ከ5 በታች መልስ የመጣበት ቡድን ውጤት ለብቻው አይወጣም። ጥሬው መረጃ ከ60 ቀን በኋላ ይጠፋል» ማለት በቂ ነው። ያልመለሱትን ለይታችሁ የምታስታውሱ ከሆነ ማን እንደመለሰ ታውቃላችሁና «ስም-አልባ» የሚለውን ቃል አትጠቀሙ። ማስታወሻውን ለሁሉም እኩል መላክ ይቻላል።

2. ሰውን የሚለዩ ጥያቄዎችን አውጡ። ከመላካችሁ በፊት የሠራተኞቹን ዝርዝር ይዛችሁ ቁጠሩ። ክፍል፣ ጾታና የአገልግሎት ዘመን አንድ ላይ ከተጠየቁ «ሂሳብ ክፍል፣ ሴት፣ ከ10 ዓመት በላይ» የሚለው አንዲት ሴት ብቻ ሊሆን ይችላል። ጥያቄዎቹ ለየብቻ ምንም የማይመስሉ ቢሆኑም ሲገናኙ ስም ይሆናሉ። በዚህ መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል 4 ሰው ብቻ ስለሆነ ክፍልን ራሱን ባትጠይቁ ይመረጣል።

3. ቅጹን አስተካክሉ። በGoogle Forms ላይ Settings ውስጥ Collect email addresses የሚለውን Do not collect አድርጉት። Limit to 1 response ሠራተኛው በኢሜይሉ እንዲገባ ያስገድደዋል። ኢሜይሉ ለእናንተ ባይታይም መልስ ሰጪው ያንን አያውቅም፤ ስለሚጠራጠርም በልኩ አይመልስም። ስለዚህ አጥፉት። View results summary የሚለውም ይጥፋ፤ ካልጠፋ መልስ የሰጡ ሁሉ የሌላውን መልስ ያያሉ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሰዓቱን ነው። ምላሾቹ የሚገቡበት ሠንጠረዥ Timestamp በሚል ዓምድ እስከ ሰከንድ ይመዘግባል። ለአንድ ሰው «ሞልተሃል?» ብላችሁ ጽፋችሁለት በሁለተኛው ደቂቃ መልስ ከገባ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ዓምዱን ከሠንጠረዡ ብትሰርዙም መልሶቹ በቅጹ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ቅጹንም ሠንጠረዡንም ለኃላፊ አታጋሩ፤ የተጠቃለለውን ብቻ ስጡ።

4. የደበቃችሁት ቁጥር ከሪፖርቱ ላይ በመቀነስ እንዳይገኝ ጠብቁ። ምስጢር በብዛት የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ክፍልን ጠይቃችሁ ከነበረ፣ «ኃላፊዬ ይሰማኛል» ለሚለው ጥያቄ 12ቱም መልሰው አማካዩ ከ5 ነጥብ 3.5 ሆነ እንበል። የመስክ 8 ሰዎች አማካይ 4.0 ነው፤ ሂሳብ ክፍል ከ5 በታች ስለሆነ ተደበቀ። አንባቢው ግን 12 በ3.5 ሲባዛ 42፣ 8 በ4.0 ሲባዛ 32 መሆኑን ያሰላል። ቀሪው 10 ለ4 ሰው ሲካፈል 2.5 ይሆናል፤ የተደበቀው ወጣ። የሂሳብ ኃላፊው ራሱ 4 ሰጥቶ ከነበረ ደግሞ ሦስቱ የበታቾቹ በአማካይ 2 እንደሰጡት ያውቃል።

መፍትሔው የአንዱን ክፍል ውጤት ስትደብቁ የሌላውንም መደበቅ ነው። በዚህ ምሳሌ የ12ቱ ድምር ብቻ ይውጣ። 5 የሚለው ቁጥር የሚቆጠረው በመለሱት ነው እንጂ በሠራተኛው ብዛት አይደለም፤ ከ8ቱ የመስክ ሠራተኞች 4 ብቻ ከመለሱም ውጤቱ አይወጣም። ሁሉም 1 የሰጡበት ጥያቄ ሲገጥማችሁ ደግሞ የቡድኑ ብዛት ማንንም አይከልልም፤ የእያንዳንዱ መልስ ታውቋል ማለት ነው። ያንን ቁጥር ትታችሁ «በአብዛኛው ዝቅተኛ» ብላችሁ ጻፉ።

5. የጽሑፍ አስተያየትን እንዳለ አትቅዱ። «ከመስክ ስመለስ አበሌ ሦስት ሳምንት ይቆያል» የሚለውን ያነበበ ኃላፊ ጻፊውን በአንድ ጊዜ ያውቀዋል፤ የአነጋገር ለዛም ያጋልጣል። «የክፍያ መዘግየት ተነሥቷል» ብሎ በራስ ቃል ማጠቃለል ይበቃል። አንድ ሰው ብቻ ያነሣውና በዝርዝሩ የሚታወቅ ጉዳይ ከሪፖርቱ ይቅር። የትንኮሳ ዓይነት አቤቱታ የሚቀርብበት የተለየ መንገድ መኖሩን በመጠይቁ ላይ አመልክቱ፤ መጠይቅ ለዚያ አልተሠራም።

መላው ቡድን ከ5 ሰው በታች ከሆነ መጠይቁን ተዉት። የኃላፊው የበታች ያልሆነ ሰው እያንዳንዱን ለብቻው ያነጋግር፤ የትኛውን ሐሳብ ለኃላፊው እንደሚያደርስም ከተናጋሪው ጋር ተስማምቶ ይውጣ።