በፈተና 95፣ በቀበቶው ላይ 60፦ የቆሻሻ መለያ ሞዴል ችግርና መፍትሄ

ወረቀት፣ ፕላስቲክ፣ ብርጭቆና ብረት የሚለይ ሞዴል አሠልጥነን በመፈተሻ ምስሎች ላይ 95 ከመቶ አገኘን እንበል። ማጓጓዣ ቀበቶው ላይ ስንተክለው ግን ውጤቱ ወደ 60 ወረደ። ብዙዎች ወዲያው ተለቅ ያለ ሞዴል ፍለጋ ይሄዳሉ። ይህ የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት ባይ ነኝ፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሞዴሉ በሚቀርብለት ምስል ላይ ነውና።

ሁሉም ዓይነት ዕቃ በአንድ ጊዜ ከተበላሸ

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቀለም ቅደም ተከተል ነው። ሥልጠናው ላይ ምስሎቹ ፒሎው በተባለው የፓይተን ላይብረሪ ተከፍተው ከሆነ ቀለማቸው ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እየተባለ ይነበባል። የቀበቶው ካሜራ የሚነበበው ኦፕንሲቪ በተባለው ሌላ ላይብረሪ ከሆነ ደግሞ ሰማያዊው ይቀድማል። ፕሮግራሙ ምንም የስህተት መልእክት አያሳይም፤ ቡናማው ካርቶን ሰማያዊ ሆኖ ለሞዴሉ ይቀርባል እንጂ። ለማረጋገጥ ከቀበቶው የተነሳ አንድ ምስል አስቀምጡና በሥልጠናው መንገድም በመስመሩ መንገድም አሳልፉት። ሞዴሉ በሁለቱ መንገዶች ለእያንዳንዱ ዓይነት የሚሰጠው የእርግጠኝነት ነጥብ ከሞላ ጎደል እኩል ካልሆነ ችግሩ እዚህ ነው። መፍትሄው አንድ መስመር ነው፦

```python
frame = cv2.cvtColor(frame, cv2.COLOR_BGR2RGB)
```

ነጥቦቹ እኩል ሆነው ውጤቱ አሁንም ዝቅ ካለ

ያኔ የሚመረመረው 95 የተባለው ቁጥር ራሱ ነው። አንድን ጠርሙስ እያገላበጥን አሥር ጊዜ ካነሳነው በኋላ ምስሎቹን በዘፈቀደ ከከፈልናቸው፣ ያው ጠርሙስ ማሠልጠኛውም መፈተሻውም ውስጥ ይገባል። ሞዴሉ ያንን ጠርሙስ ስላስታወሰ ብቻ ብርጭቆን የሚያውቅ ይመስላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕቃ መለያ ቁጥር ስጡ፤ ክፍፍሉም በምስል ሳይሆን በዕቃው ቁጥር ይሁን። ውጤቱ ይወርዳል፤ የወረደው ግን እውነተኛው ነው።

የምስሎቹ ጀርባም ይታይ። ብዙዎች የሚጀምሩበት ትራሽኔት የተባለው ስብስብ 2,527 ምስሎች አሉት፤ ዕቃዎቹ የተነሱትም ነጭ ሰሌዳ ላይ ተቀምጠው ነው። ጥቁር፣ የቆሸሸና የሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ የተጨማደደ ጣሳ አይቶ የማያውቅ ሞዴል ቢደናገር አያስደንቅም። ከራሱ ከቀበቶው ምስል ሰብስቡ፤ የአንድ ሙሉ ቀን ምስሎችንም ሥልጠናው ሳይነካቸው ለመፈተሻ አስቀምጡ። ባዶውን ቀበቶ ማንሳትም አይዘንጋ። አራት ምርጫ ብቻ የተሰጠው ሞዴል ባዶ ቀበቶ ሲያይም ከአራቱ አንዱን ይመርጣል፤ «ሌላ» የሚል አምስተኛ ክፍል ያስፈልገዋል።

ቀበቶው ሲቆም ትክክል፣ ሲንቀሳቀስ ስህተት ከሆነ

ይህ የምስል መደብዘዝ ነው፤ መጠኑንም ማስላት ይቻላል። ቀበቶው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢጓዝና ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል 10 ሚሊሰከንድ ብርሃን ቢቀበል፣ ዕቃው በዚያ ጊዜ ውስጥ 5 ሚሊሜትር ይንቀሳቀሳል። አንድ ፒክሰል አንድ ሚሊሜትር የሚሸፍን ከሆነ የአምስት ፒክሰል ብዥታ ማለት ነው፤ የወረቀቱን ሸካራነትና የጣሳውን ጠርዝ ለማጥፋት ይበቃል። ጊዜውን ወደ 1 ሚሊሰከንድ ብታወርዱት ብዥታው ግማሽ ፒክሰል ይሆናል። ብርሃኑ ግን በአሥር እጅ ስለሚቀንስ ጠንካራ መብራት መጨመር ግድ ነው። የካሜራውን ራስ-ሰር የብርሃን ማስተካከያም አጥፉት፤ አንድ የሚያብረቀርቅ ጣሳ ባለፈ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣውን ዕቃ ያጨልመዋል።

ወረቀትና ብረት ደህና ሆነው ብርጭቆና ፕላስቲክ ብቻ ከተቀላቀሉ

ከሁሉም አስቸጋሪው ይህ ነው። ሞዴሉ የሳታቸውን ምስሎች አውጥታችሁ አጉሉና ተመልከቱ፦ በጠርሙሱ ውስጥ አልፎ የሚታየው ቀበቶው ነው፣ ጎልቶ የሚታየውም ከላዩ የሚያንጸባርቀው መብራት። የዕቃው የራሱ መልክ የቀረው ጥቂት ነው። መብራቱን በነጭ ማሰራጫ ሸፍኑት፤ ኃይለኛው ነጸብራቅ ሲለሰልስ የፕላስቲኩ መጨማደድ፣ የክዳኑ ጥርስና የብርጭቆው ወፍራም አፍ መታየት ይጀምራሉ። ከዚያ ከእነዚሁ ከሚምታቱት ሁለቱ ብዙ አዳዲስ ምስሎች ጨምሩ።

ያም ሆኖ ያልተጨማደደ፣ ንጹሕና ጥርት ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ በተራ ካሜራ ሙሉ በሙሉ አይለይም። ትልልቅ የመለያ መስመሮች ለዚህ የቅርብ ታህታይ ቀይ ጨረር መመርመሪያ ይጠቀማሉ፤ ፕላስቲኩ በዚያ ጨረር የራሱን ምልክት ያሳያል፣ ብርጭቆ ግን አያሳይም። እሱም ወሰን አለው፤ በካርበን የጠቆረ ፕላስቲክ ጨረሩን ስለሚውጠው አይታየውም።

መመርመሪያው ከሌለ የእርግጠኝነት ወለል አብጁ፤ ነጥቡ ከወለሉ በታች የሆነ ዕቃ ሳይነካ እስከ ቀበቶው ጫፍ ሄዶ በእጅ ይለይ። ወለሉ ለአራቱም አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። ወደ ፕላስቲኩ የገባ ብርጭቆ የመፍጫውን ስለት ይጎዳል፤ ወደ ወረቀቱ የገባ ጣሳ ግን በኋላ በቀላሉ ይለቀማል። ስለዚህ «ፕላስቲክ» ለሚለው ውሳኔ ወለሉን ከፍ አድርጉ፤ ትክክለኛውን ቁጥርም ለብቻው ካስቀመጣችሁት የአንድ ቀን ምስል ላይ ፈትሻችሁ ምረጡ።