የአተነፋፈስ ምርመራ የኦስኪ ጣቢያ ሲዘጋጅ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ኦስኪ የሚባለው የተግባር ፈተና እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ በሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ ከታተመ ወዲህ ቅርጹ ብዙም አልተለወጠም፤ ተፈታኙ በደወል ከጣቢያ ጣቢያ ይዞራል፣ በየጣቢያው አንድ ሥራ ይሠራል፣ ፈታኙ ያየውን ይመዘግባል። የአንዱ ጣቢያ ዝግጅት ሦስት ወረቀት ነው፤ ለተፈታኙ የሚለጠፈው መመሪያ፣ ለተዋናይ ታካሚው የሚሰጠው መግለጫና የፈታኙ ውጤት መስጫ። ችግሩ የሚጀምረው ሦስቱ በተለያየ ጊዜ፣ አንዳንዴም በተለያየ ሰው ሲጻፉ ነው። መግለጫው አንድ ነገር ያሳያል፣ ውጤት መስጫው ሌላ ነገር ይጠይቃል፣ ተፈታኙ መሀል ቤት ይዋልላል።

ነገሩ በምሳሌ ይሻላል። የ46 ዓመት ሴት ናት፤ 4 ቀን ሳል፣ ትኩሳትና በረጅሙ ስትተነፍስ የሚወጋ የቀኝ ጎን ህመም አላት። ከጀርባ የሆነው የቀኝ ሳንባዋ ታችኛ ክፍል በምች ተይዟል። የጣቢያው ጊዜ 8 ደቂቃ ነው፤ የሚለካውም የምርመራ ክህሎት ብቻ ነው።

ሁሉን በ8 ደቂቃ መጠየቅ

አዘጋጁ «የአተነፋፈስ ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ መርምር» ብሎ ይጽፋል። ሰዓት ይዞ የደመረው ግን የለም። እንደምር፤ እጅ መታጠብ፣ ራስን ማስተዋወቅና ፈቃድ መጠየቅ 45 ሰከንድ። ቆም ብሎ ታካሚዋን ማየት 30። ትንፋሽ መቁጠር 60። ሳቹሬሽን 30። እጅ፣ ፊትና አንገት 60። የደረት መስፋፋት 45። ፊትና ጀርባን በጣት ማንኳኳት 75። ማዳመጥ 75። ታካሚዋን ቃል እያስባሉ የድምፅ አስተላለፍን መስማት 45። ግኝቱን ለፈታኙ መናገር 60። ድምሩ 525 ሰከንድ፣ ማለትም 8 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ነው። ይህ ደግሞ ምንም ያልተደናቀፈ ሰው ጊዜ ነው።

ጥሩ ተፈታኝ ታዲያ ምን ያደርጋል? ይሮጣል፤ ትንፋሹን ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ያባዛል፣ ስቴቶስኮፑን ትንፋሹ ሳያልቅ ያነሳል። ለመለካት የፈለግነውን ክህሎት ራሱ ጣቢያው ያበላሸዋል ማለት ነው። መፍትሄው መቁረጥ ነው። መመሪያው «ታሪኳ ተወስዷል፤ ደረቷን ከጀርባ በኩል ብቻ መርምር፤ በመጨረሻው ደቂቃ ያገኘኸውን ለፈታኙ ንገር» ይበል። ማንኳኳቱና ማዳመጡ 40፣ 40 ሰከንድ ሲሆኑ ድምሩ ወደ 7 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ይወርዳል።

በሽታውን የሚነግር፣ ድርጊቱን የማይነግር የታካሚ መግለጫ

ብዙ መግለጫ የሚነበበው እንደ ታካሚ ካርድ ነው፤ «ኒሞኒያ ያለባት፣ በትንሹ የተጨነቀች፣ ትንፋሿ የፈጠነ»። ተዋናይዋ በዚህ ምን ታድርግ? አንዷ ታቃስታለች፣ ሌላዋ ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ የጠዋትና የከሰዓት ተፈታኞች የገጠማቸው ፈተናም የተለያየ ይሆናል። መግለጫ የሚጻፈው በድርጊት ነው። ለዚች ታካሚ እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«አልጋው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ተፈታኙ እንደገባ አንድ ጊዜ ይሳሉ፤ ከዚያ በኋላ አይሳሉ። በረጅሙ ይተንፍሱ ሲባሉ ፊትዎን ኮምተር አድርገው ቀኝ ጎንዎን በእጅዎ ይያዙ። ህመም እንዳለዎት ከተጠየቁ ብቻ ‹እዚህ ጋ ይወጋኛል› ብለው ያሳዩ፤ ካልተጠየቁ አይናገሩ። ሳያስፈቅድ ልብስዎን ሊገልጥ ከጀመረ ‹ምን ሊያደርጉ ነው?› ይበሉ። ሲተነፍሱ በተፈጥሮ ፍጥነትዎ ይሁን፤ ለማፋጠን አይሞክሩ። ካዞረዎት ለፈታኙ እጅዎን ያንሱ፤ ምርመራው ይቆማል።»

አንድ ጊዜ ብቻ ትሳል የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በማዳመጡ መሀል የምትስል ተዋናይ የአንዱን ተፈታኝ 20 ሰከንድ ትበላለች፣ የሌላውን አትበላም።

«አያፋጥኑ» የተባለው ግን ዋናው ነው። ጤነኛ ሰው በደቂቃ 26 ጊዜ እየተነፈሰ ከተፈታኝ ተፈታኝ ቢቀጥል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አብዝቶ ያስወጣል፤ ያዞረዋል፣ ጣቶቹንና ከንፈሩን ይነዝረዋል። ሳያፋጥን እንኳ ለማዳመጥ የሚደረገው ተደጋጋሚ ረጅም ትንፋሽ ይበቃዋል። ስለዚህ ሁለት ተዋናዮች ይፈራረቁ፤ ሁለቱም መግለጫውን አብረው ይለማመዱ።

ተዋናይዋ ላይ የሌለውን ምልክት እንዳለ መቁጠር

በዚህ ጣቢያ ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። በር ላይ የተለጠፈው የቫይታል ሳይን ሰንጠረዥ ትንፋሿ 26 ነው ይላል። ተፈታኙ ገብቶ በሐቅ ሲቆጥር 16 ያገኛል። አሁን ምን ይበል? ያየውን 16 ብሎ ውጤት ያጣ፣ ወይስ ከበር ያነበበውን 26 ይድገም? ብልጡ ሳይቆጥር 26 ይላል፤ ውጤት መስጫውም ይሸልመዋል።

እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ትንፋሽና ሳቹሬሽን ከሰንጠረዡ ይውጡ፤ ሙቀት 38.6 እና የልብ ምት 108 ብቻ ይቅሩ። ተፈታኙ የእውነቱን ይቁጠር። ፈታኙም በዚያው ሰዓት ይቁጠር፤ ልዩነቱ ከ2 ካልበለጠ ልክ ነው። ተፈታኙ ቁጥሩን ከተናገረ በኋላ ፈታኙ «ለዚች ታካሚ 26 ነው ብለህ ቀጥል» ይበል፤ ትርጉሙን እንዲሰጥ ማለት ነው፤ የአዋቂ መደበኛ ከ12 እስከ 20 ነውና። ሳቹሬሽንም እንደዚሁ ነው፤ የጤነኛ ተዋናይ ጣት 98 ሊያነብ ይችላል፣ ጉዳዩ ግን 92 በመቶ ነው። ተፈታኙ መሣሪያውን በትክክል ሲያስገባና የልብ ምቱን ሞገድ ሲጠብቅ ፈታኙ 92ን በካርድ ያሳየዋል። ጥፍር ቀለም ያላት ተዋናይ መኖር የለባትም።

የሳንባ ድምፅም በካርድ ነው የሚመጣው። ወሳኙ ካርዱ መቼ ይሰጣል የሚለው ነው። ተፈታኙ ቀኝ ጀርባ ታችኛው ክፍል ላይ ስቴቶስኮፑን አሳርፎ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ሲሰማ ብቻ «ክራክልና ብሮንኪያል የትንፋሽ ድምፅ» የሚለው ካርድ ይታየው። ላይኛውን ብቻ ያዳመጠ የላይኛውን መደበኛ ካርድ ያግኝ፤ ስህተቱ ራሱ ውጤቱን ይወስንለታል። ሁሉንም ግኝት በአንድ ወረቀት መጨረሻ ላይ የሚሰጥ ጣቢያ ማንበብን እንጂ መመርመርን አይፈትንም።

ካርዶቹ እርስ በርስ መስማማታቸውንም ሌላ ሐኪም ይይልን። የሳንባ ምች ባለበት ቦታ ማንኳኳቱ ደብዛዛ ድምፅ ይሰጣል፣ የታካሚዋ ቃል በስቴቶስኮፕ ሲሰማ ግን ይጎላል። በሳንባ ዙሪያ ውሃ ሲቋጠርም ማንኳኳቱ ይደበዝዛል፤ ያኔ ግን ቃሉ ይቀንሳል። አዘጋጁ ከችኮላ «ድምፅ አስተላለፍ ቀንሷል» ብሎ ከብሮንኪያል ድምፅ ጋር ከቀላቀለው፣ ጎበዙ ተፈታኝ ይደናገራል፣ ሸምዳጁ ምንም ሳይመስለው ያልፋል።

«በአግባቡ» የሚል ውጤት መስጫ

«ደረትን በአግባቡ አዳምጧል፣ 2 ነጥብ።» ሁለት ፈታኝ ይህን አንብበው ተመሳሳይ ነጥብ አይሰጡም። «ዳሰሰ፣ አንኳኳና አዳመጠ፣ 3 ነጥብ» ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ሁለቱን ብቻ ለሠራው ስንት ይሰጣል? አንድ መስመር አንድ ድርጊት ይሁን፤ ፈታኙ ካለበት ወንበር የሚያየውን ይግለጽ።

ማዳመጡን ለአብነት፦ የጀርባውን ሁለት ጎን በተመሳሳይ ከፍታ ቀኝና ግራ እያነጻጸረ፣ ቢያንስ በ3 ከፍታ፣ በየቦታው አንድ ሙሉ ትንፋሽ ካዳመጠ 2። ቦታዎቹን ነክቶ ግን አንዱን ጎን ከላይ እስከ ታች ጨርሶ ወደ ሌላው ከሄደ፣ ወይም ትንፋሹ ሳያልቅ ካነሳ 1። ልብስ ላይ ካዳመጠ 0። ለማንኳኳቱ፦ ታካሚዋ እጆቿን ወደፊት እንድታጣምር አድርጎ ትከሻ አጥንቶቹን ካሸሸ፣ ጣቱን የጎድን አጥንት መሀል አሳርፎ ከእጅ አንጓው ከመታ 2፤ መምታቱ ልክ ሆኖ ትከሻ አጥንት ላይ ካንኳኳ 1። ትንፋሽ ሲቆጠርም «አሁን ትንፋሽዎን ልቆጥር ነው» ብሎ የተናገረ ሙሉ ነጥብ አያገኝም፤ ሰው ሲቆጠርበት አተነፋፈሱን ይለውጣልና። 30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት ይፈቀዳል ወይስ ሙሉ ደቂቃ ነው የሚለው በመስመሩ ላይ ይጻፍ፤ ለፈታኙ ስሜት አይተው።

ቼክሊስቱ እየረዘመ ሲሄድም ሌላ ጣጣ አለ። 40 መስመር ያለው ወረቀት እየተንደረደረ ሁሉን የነካካውን ይሸልማል። ከ15 እስከ 20 መስመር ለዚህ ጣቢያ በቂ ነው። ከዚያ ተለይቶ ፈታኙ አንድ ጥቅል ዳኝነት ይስጥ፤ ወድቋል፣ ድንበር ላይ ነው፣ አልፏል፣ በጣም ጥሩ ነው። ይህ ከነጥቡ ጋር አይደመርም። የማለፊያ ነጥቡ ግን ከእሱ ይወጣል፤ በብዙ ተፈታኝ የቼክሊስት ነጥቡና ጥቅል ዳኝነቱ ተያይዘው ሲታዩ «ድንበር ላይ» የሚባለው ሰው የሚያገኘው ነጥብ ማለፊያ ይሆናል። 50 በመቶ ብሎ ቀድሞ መቁረጥ ቀላል ነው፤ ለቀላልም ለከባድም ጣቢያ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው ክፋቱ።

ፈታኙ እንዲናገር የተፈቀደለትን አለመጻፍ

ደግ ፈታኝ «ሌላስ የቀረ የለም?» ይላል፤ ቆፍጣናው ዝም ይላል። ሁለቱ አንድ ፈተና አልሰጡም። የሚባሉት ዓረፍተ ነገሮች በወረቀቱ ላይ ይዘርዘሩ፤ ካርድ ሲያሳይ የሚለው፣ 7ኛው ደቂቃ ላይ «ያገኘኸውን ንገረኝ» የሚለው፣ ታካሚዋ እጅ ስታነሳ የሚለው። ሌላ ቃል የለም።

ሳይሞክሩት ማስገባት

ከፈተናው በፊት ተማሪ ያልሆነ ሰው፣ ለምሳሌ አዲስ ተመራቂ፣ ጣቢያውን ከነደወሉ ይሥራው፤ ሁለት ፈታኞች ሳይነጋገሩ ውጤት ይስጡት። ነጥባቸው የተለያየበት መስመር እንደገና ይጻፋል። የፈታኙ ወንበር ያኔ ነው የሚታረመው፤ አልጋው እግርጌ የተቀመጠ ፈታኝ ተፈታኙ ከታካሚዋ ጀርባ ሲቆም የሚያየው ፊቱን እንጂ ጣቱ የት እንዳረፈ አይደለም። ወንበሩ ከተፈታኙ በስተጎን፣ የታካሚዋ ጀርባ ከሚታይበት ይሁን።